ከአራት ወር ሕፃን ጋር ረጅም መንገድ፦ ወተቱ፣ ውኃው እና ትውከቱ

በመጀመሪያው ረጅም ጉዟችን ልጄ ሦስት ጊዜ አስመለሰች። የአራት ወር ልጅ ነበረች። ባለቤቴ «መኪና አይስማማትም» አለ። አብራን የነበረችው አክስቴም «ምን ይገርማል፣ አንቺም በልጅነትሽ እንዲሁ ነበርሽ» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ለመልሱ ጉዞ መድኃኒት ላስጽፍ ብዬ ሐኪም ጋ ስሄድ ግን ስለ መኪናው የጠየቀኝ የለም። ጥያቄው ሌላ ነበር። መቼ አጠባሻት? ከስንት ደቂቃ በኋላ መቀመጫዋ ላይ አሰርሻት? ምን አልብሰሻት ነበር?

መልሴን ስሰማው ራሴው አፈርኩ። መንገድ ላይ እንዳይርባት ብዬ ጥግብ እስክትል አጥብቻት፣ ሳላስገሳት፣ ወፍራም ሹራብ አልብሼ ወዲያው አስሬያት ነበር የተነሣነው።

ከዚህ በታች ያለው በሁለተኛው ጉዞ ያደረግነው ነው። የሚመለከተው በዋናነት ከስድስት ወር በታች ያለ፣ ወተት ብቻ የሚወስድ ሕፃንን ነው። ጤነኛ፣ በጊዜው የተወለደ ልጅ ማለቴ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪሙን አማክሩ።

መጀመሪያ፦ መኪናው ነው ወይስ ወተቱ?

መኪና ሰውን የሚያቅለሸልሸው ዓይንና ጆሮ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል። ዓይን ደግሞ የመኪናውን ውስጥ እያየ «ዝም ብለን ተቀምጠናል» ይላል። አንጎል በሁለቱ መሐል ግራ ይጋባል፤ ሆድም ይረበሻል። ይህ ነገር ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ብዙም አይታይም። ከሁለት ዓመት በኋላ እየጨመረ ይሄድና ትምህርት ቤት በገቡ ልጆች ላይ ይበረታል።

ታዲያ ሕፃኗ ለምን ታስመልሳለች? ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከወተቱ ነው። በሕፃን ጉሮሮና ጨጓራ መሐል ያለው መዝጊያ ገና ላላ ያለ ነው፤ ለዚህ ነው ሕፃናት ቤትም ውስጥ የሚያቀረሹት። መኪና መቀመጫ ላይ ደግሞ ልጅቷ ግማሽ ተቀምጣ፣ ሆዷ ላይ ታጥፋ ትሆናለች። ዳይፐሩ ከጠበቀ፣ ማሰሪያው ሆዷ ላይ ካረፈ፣ ጨጓራዋም ሞልቶ ከሆነ ወተቱ መውጫው ወደ ላይ ብቻ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል።

ሁለቱን መለየት ይቻላል። ከጠባች በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ሳትጨነቅ፣ ወተት ብቻ ከአፏ ከወረደ ማቅረሽ ነው። ከጠባች ቆይታ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስትደርሱ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ግንባሯ ቀዝቃዛ ላብ አውጥቶ፣ እያዛጋችና ለሐጯ እየበዛ ቆይቶ ከሆነ የመኪናው ነገር ሊሆን ይችላል። መኪናው ቆሞ ንጹሕ አየር ስታገኝ ቶሎ ይለቃታል። መኪናው ከቆመም በኋላ ማስመለሷ ካልተወ ግን መኪናውን አትውቀሱ። ልጅቷ አሟት ይሆናል።

ከመነሣት አንድ ቀን በፊት፦ ወተቱን ቁጠሩ

ጡጦ የሚወስድ ሕፃን በቀን የሚያስፈልገው ወተት በግምት በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ነው። የእኔ ልጅ 6 ኪሎ ነበረች። ስለዚህ በ24 ሰዓት ወደ 900 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በስድስት ጊዜ ሲካፈል በአንድ ጊዜ 150 ይደርሳል። የእናንተ ልጅ ትንሽ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል፤ በየቀኑ የምትሰጡትን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከጡት የሚጠባ ልጅ ሲሆን መለኪያ አያስፈልግም። በየስንት ሰዓቱ እንደሚጠባ ማወቅ ብቻ በቂ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል በሚፈጀው መንገዳችን ላይ ሦስት ጊዜ ማብላት ነበረብን። እኛ ለአራት ተዘጋጀን። መኪና ይበላሻል፣ መንገድ ይዘጋል፤ ትርፉ ለዚያ ነው። ከዚያ በላይ መያዝ ግን ቦርሳ ማክበድ ነው።

የዱቄት ወተት የምትሰጡ ከሆነ አንድ ነገር በደንብ ላስረዳ፤ ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ወተቱን ቤት በጥብጦ መያዝ የሚያመች ይመስላል። ግን የተበጠበጠ ወተት ለተሕዋስያን ምቹ ነው። ከተበጠበጠ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቀዘቅዝ መቆየት የለበትም፤ ሕፃኗ አፏን ካደረገችበት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። መኪና ውስጥ ሞቅ ብሎ የሚንገላታ ጡጦ በጣም መጥፎ ቦታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ዱቄቱና ውኃው ለየብቻ ይሂዱ፤ የሚገናኙት ልጅቷ ስትርባት ነው።

ዱቄቱን ለእያንዳንዱ ጊዜ መጥናችሁ በደረቅና ንጹሕ ትንንሽ ዕቃ አድርጉ። ጡጦዎቹን ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ባዷቸውን ክደኑ። ውኃውን አፍልታችሁ ወዲያው ጥሩ ፔርሙዝ ውስጥ ሙሉ አድርጋችሁ ዝጉት። ግማሽ ፔርሙዝ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ለአራት ጊዜ 600 ሚሊ ሊትር ነው፤ እኛ የአንድ ሊትሩን ይዘናል።

ለምን ትኩስ? የዱቄት ወተት ከፋብሪካ ሲወጣ ፍጹም ከተሕዋስያን የጸዳ አይደለም። በውስጡ ሊኖር የሚችለውን ለመግደል ውኃው 70 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ይህ በተለይ ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ አይታለፍም። እዚህ ላይ ፔርሙዛችሁን ፈትኑት። ከጉዞው በፊት ባለው ቀን የፈላ ውኃ ሞልታችሁ፣ መንገድ ላይ እንደምታደርጉት ሁለት ጊዜ ያህል ከፍታችሁ ቀድታችሁ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ በወጥ ቤት ቴርሞሜትር ለኩት። የእኛ የመጀመሪያው ፔርሙዝ ይህን ፈተና ወደቀ። ከጎረቤት ተዋስን። ፔርሙዝ የማይቆይላችሁ ከሆነ ፈሳሽ ሆኖ የታሸገ፣ ሳይበጠበጥ የሚሰጥ የሕፃን ወተት ለመንገድ የተሻለ ነው።

የታለበ የጡት ወተት ቀለል ይላል። በበረዶ ማሸጊያ በተሞላ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆያል። ከቦርሳው ወጥቶ 25 ዲግሪ በሚሆን ክፍል ውስጥ እስከ አራት ሰዓት ነው። ፀሐይ የመታው መኪና ግን ከ25 ዲግሪ በላይ ነውና ይህን አራት ሰዓት አትመኑበት። ከጡጦው ጠጥታ የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰችው ድፉት። አውቃለሁ፣ የጡት ወተት መድፋት ያማል።

መቀመጫዋን አስተካክሉ

መቀመጫው ፊቷን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በኋላ ወንበር ላይ ይሁን። ፊት ለፊት ወንበር ላይ፣ ኤርባግ ባለበት፣ ፈጽሞ አታድርጉት። ዘንበል ማለቱን ከመቀመጫው ጎን ባለው ምልክት አረጋግጡ። በጣም ከቆመ ጭንቅላቷ ወደ ፊት ወድቆ አገጯ ደረቷን ይነካል፤ ትንፋሽ ያጥራታል።

ወፍራም ሹራቡን አውልቁላት። ማሰሪያው ከልብሱ በላይ ሲታሰር ላላ ስለሚል በአደጋ ጊዜ አይዛትም፤ በዚያ ላይ ትሞቃለች። ስስ ልብስ አልብሳችሁ፣ አስራችሁ፣ ከላይ ስስ ነጠላ ወይም ብርድ ልብስ እግሯ ላይ ጣል አድርጉ። ዳይፐሩ ሆዷ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። የፀሐይ መከላከያውን መስኮቱ ላይ ስቀሉት፤ መቀመጫዋን ግን በጨርቅ አትሸፍኑት። አየር ያጥራታል።

የመንገዱ ቀን በሰዓት

እንዲህ ነበር ያደረግነው።

ከሌሊቱ 11:00 አጠባኋት። መሐል ላይ አንዴ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ አስገሳኋት። ከዚያ 25 ደቂቃ ያህል ትከሻዬ ላይ ቀጥ አድርጌ ያዝኳት። ባለቤቴ ዕቃ የጫነው በዚህ ጊዜ ነው። ዳይፐር ቀየርኩ፤ 12:00 ሰዓት ላይ አሰርኳትና ተነሣን። በመጀመሪያው ጉዞና በዚህኛው መሐል ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ 25 ደቂቃ ነው።

2:00 ሰዓት ላይ ቆምን። ሕፃን በመቀመጫዋ ላይ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ባትቆይ ይመረጣል፤ ገና በተወለደችባቸው ሳምንታት ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ብዙ ባይበልጥ። ስታንቀላፋ «ከምትነቃ እንሂድ» ማለት ያምራል። አትሸነፉ። ስትወጣ መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ አስተኛኋት። ተዘረጋች፣ እግሯን አወራጨች። ዳይፐር ተቀየረ። ከዚያ አጠባኋት፣ አስገሳኋት፣ ቀጥ አድርጌ ይዤ ተንሸራሸርኩ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ዳይፐሩ ከጡቱ በፊት ነው። ሆዷ ከሞላ በኋላ እግሯን ወደ ላይ ብታነሡ ወተቱን እጃችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። 2:50 ሄድን።

4:45 ላይ ሁለተኛው። ይህን ጡጦ ባለቤቴ ሰጣት፤ እኔ ምሳዬን በላሁ። ከፔርሙዙ 150 ቀዳ፣ በዱቄቱ ቆርቆሮ ላይ በተጻፈው ልክ ዱቄቱን ጨመረ፣ አንቀጠቀጠ። ከዚያ ጡጦውን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ አቆመው። ወደ አሥር ደቂቃ ወሰደ። ረሃቧ ሳይጀምር መበጥበጥ ያስፈልጋል፤ ከጀመረች እነዚያ አሥር ደቂቃዎች አንድ ሰዓት ናቸው። የእጁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሞከረ። ወተቱ እንዳያልቅ ብሎ ማቅጠን ወይም እንድትጠግብ ብሎ ማወፈር የለም።

7:30 ላይ ሦስተኛው፣ ከጡት። 8:20 ተነሥተን 10:00 ሰዓት ገባን። ሰባት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳው መንገድ አሥር ሰዓት ፈጀ። ዕቅዳችሁን በዚሁ ልክ አውጡ፤ ማታ እንድረስ ብላችሁ ስትጣደፉ የሚዘለው ያ ቀጥ አድርጎ መያዙ ነው።

በመሐል ብታለቅስስ? ቁሙ። መኪናው እየሄደ አውጥታችሁ አታጥቡ። በፍሬን ጊዜ ሕፃንን በእጅ መያዝ የሚችል ሰው የለም፤ ምንም ያህል ብትጠነክሩ። ጡጦ አፏ ላይ በጨርቅ ደግፋችሁ መተውም ትን ያስብላታል። ከኋላ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ድምፃችሁን አሰሟት፣ የማይረባም ዘፈን ቢሆን፤ ያ ካልሠራ ምቹ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ።

አውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መሐል ያለው ወንበር ከሁሉ ያነሰ ይወዛወዛል። ለሹፌሩ ወይም ለረዳቱ ከመነሣታችሁ በፊት የት የት እንደሚቆም ጠይቁትና የማጥቢያ ሰዓታችሁን ከዚያ ጋር አስማሙ። ረጅም ቁልቁለት ስትወርዱ ጆሮዋ ሊደፈን ይችላል፤ የምትጠባው የጡት ጫፍ ጎማ ካላት ያኔ ስጧት። መምጠጥና መዋጥ ጆሮን ይከፍታል።

ውኃ ትሰጧት?

አክስቴ በመጀመሪያው ጉዞ «ኧረ ልጅቷን ጠማት፣ ጠብታ ውኃ ስጫት» ብላ ነበር። ውኃ ለመስጠት እጄን ዘርግቼም ነበር። ደግነቱ ማንኪያ አልያዝንም።

ስድስት ወር ላልሞላት ልጅ ውኃ አይሰጥም። የጡት ወተት ከመቶ 87 ያህሉ ውኃ ነው፤ ጥሟን የሚቆርጠው እሱ ነው። ውኃ ትንሿን ጨጓራ ሞልቶ ወተቱን ያስቀራል። ከበዛ ደግሞ የሰውነቷን ጨው ያቀጥነዋል። የሕፃን ኩላሊት ትርፍ ውኃን ቶሎ ማስወጣት ስለማይችል ነገሩ እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ቶሎ ቶሎ አጥቡ፤ አጠር አጠር ያለ ቢሆንም። ስድስት ወር የሞላት፣ ምግብ የጀመረች ልጅ ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በኩባያ ጉንጭ ጉንጭ ልትወስድ ትችላለች።

ውኃውን የምትጠጪው አንቺ ነሽ፣ እናቷ። ሽንት ቤት ፍለጋን ፈርቼ በመጀመሪያው ጉዞ ቀኑን ሙሉ አልጠጣሁም። ማታ ራሴን ሲያዞረኝ ገባኝ። በሁለተኛው ጉዞ ባጠባሁ ቁጥር አንድ ትልቅ ኩባያ ጠጣሁ።

ውኃ አንሷት እንደሆነ የሚነግራችሁ ዳይፐሩ ነው። ጤነኛ ሕፃን በ24 ሰዓት ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ታርሳለች። የዛሬ ዳይፐሮች ደረቅ መስለው ያታልላሉ። ቤት ሳላችሁ አዲስ ዳይፐር ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውኃ አፍስሱና በእጃችሁ መዝኑት። የረጠበ ዳይፐር ክብደቱ ይህ ነው። በየማረፊያው የቀየራችሁትን በዚያ እያነጻጸራችሁ ስልካችሁ ላይ ሰዓቱን ጻፉ።

ስታስመልስ

ከመኪናው ስታወጧት ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘንበል ይበል፤ አፏን በጨርቅ ጥረጉ። ልብሷን ቀይሩ፤ የትውከት ሽታ ራሱ ማቅለሽለሽ ያመጣል። መኪናውን አናፍሱ። ሽቶና የመኪና ማሽተቻ ካለ አውጡት፤ ሲጋራማ ምኑም አይነሣ። ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ ጥላ ውስጥ 15 ወይም 20 ደቂቃ ቆዩ።

ከዚያ የምትሠሩት ስሕተት «ሆዷ ባዶ ሆነ» ብሎ ሙሉ ጡጦ መልሶ መስጠት ነው። ይወጣል። ጡት ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አጥቡና አሳርፏት፤ ትንሽ ቆይታችሁ ድገሙ። ጡጦ ከሆነ በየአምስት ደቂቃው በማንኪያ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ጀምሩ። ለአንድ ሰዓት ያህል ካልመለሰችው ወደ ልማዷ ተመለሱ። ኦአርኤስ የሚያስፈልገው ማስመለሱ ሲደጋገም ወይም ተቅማጥ ሲጨመርበት ነው። ከፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ብቻ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ለስድስት ወር በታች ልጅ ይህን ጀምራችሁ ወደ ጤና ተቋም እየሄዳችሁ መሆን አለበት፤ ጉዞውን እየቀጠላችሁ መሆን የለበትም።

መድኃኒትን በተመለከተ ለአዋቂ የሚሸጠውን የጉዞ ኪኒን ሩብ አድርጎ መስጠት የሚባል ነገር አለ። አታድርጉት። ከእነዚህ አንዱ፣ ፕሮሜታዚን፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል የተከለከለ ነው። ማርም ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። «ሆድ ያረጋል» የተባለ የተቀቀለ ቅጠልም ያው ውኃ ነው።

መንገዱ ይቁም የሚያሰኙት እነዚህ ናቸው። ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ከሆነ። በጠባች ቁጥር ወተቱ በኃይል ተወርውሮ የሚወጣ ከሆነ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ዳይፐሯ ካልረጠበ። እርግብግቢቷ ከጎደጎደ፣ አፏ ከደረቀ፣ ስትነቃም ዝልፍልፍ ካለች ወይም ጡቱን ሁሉ እምቢ ካለች። ሦስት ወር ያልሞላት ሆና ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ወደ መድረሻችሁ አትቸኩሉ፤ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ታጠፉ። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት በመንገዱ ላይ የት የት ሆስፒታል እንዳለ ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉ። ለእኛ አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብን።

በሁለተኛው ጉዞ ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ አቀረሸች፤ ሁለተኛውን ማረፊያ እንደወጣን፣ ትከሻዬ ላይ ያለው ጨርቅ የሚያክል። ባለቤቴ ቸኩሎ አሥር ደቂቃ ብቻ ይዟት ነበር።